«ስንት ሰጡህ?»

«ጋሼ፣ ሌላ ድርጅት ሥራ አግኝቼ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ ‹እነሱ የጨመሩልህን 8 ሺህ እኛም እንጨምራለን፣ ደብዳቤህን አንሳ› አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

የአክስቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ሆኜ መልሼ ጠየቅኩት፦ «ጭማሪው መሠረታዊ ደመወዝህ ላይ ነው ወይስ በአበል?» ዝም አለ። «ልጠይቅና ልደውልልህ» ብሎ ዘጋው።

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት እዚህ አንድ ሆቴል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ሒሳብ እዘጋ ነበር። ሌላ ቦታ በሰዓት 3 ዶላር የሚበልጥ የቀን ሥራ አገኘሁ። እዚህ አገር ስትለቅ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ትሰጣለህ። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ኢሜይሌን ልኬ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማናጀሯ ጠራችኝ። «ስንት ሰጡህ?» ብቻ ነው ያለችኝ። እሷም 3 ዶላር ጨመረች። ቀረሁ።

መጋቢት ላይ ሰው ሁሉ ዓመታዊ ጭማሪውን ሲያገኝ የእኔ ዜሮ ሆነ። «አንተ የአንተን ጥቅምት ላይ ወስደሃል» አለችኝ። ከ3 ዶላሩ ውስጥ ከፊሉ ለካ የራሴው ገንዘብ ነበር፣ ቀድሞ የተሰጠኝ። ደግሞ ልለቅ የነበረው በሌሊቱ ሥራ ተማርሬ ነው። እኔ ስገባ ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች፤ በር ላይ ነበር የምንገናኘው። ጭማሪውን ስሰማ እሱን አንዴም አላነሳሁትም።

አገር ቤት ግን ነገሩ በቁጥር አያልቅም። አለቃው ቡና ይጋብዛል። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይላል። ያስገባህን ሰው ያስደውልብሃል። ወሬው እናትህ ጋ ካንተ ቀድሞ ይደርሳል። እምቢ ስትል ሰውን የከዳህ ይመስልሃል። ጊዜውም ለአለቃው ያደላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሚለቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። የእኔዋ ማናጀር ለማግባባት 14 ቀን ነበራት። የአክስቴ ልጅ አለቃ ወር ሙሉ አለው።

ማታ ደወለ። «በአበል ነው አሉኝ። ግን ጋሼ፣ ሳሰላው እንዲያውም በአበል ሲሆን እጄ ላይ የሚቀረው ይበልጣል!»

እውነቱን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። መሠረታዊ ደመወዙ 22 ሺህ ነው፤ አዲሱ ድርጅት 30 ሺህ መሠረታዊ ብሏል። በዚያ ደረጃ 8 ሺው ላይ 35 በመቶ ግብር ይቆረጣል፣ 5,200 ይቀራል። አበሉ ከግብር ነፃ ካልሆነ እሱም ያው 5,200 ነው። መሠረታዊ ላይ ሲሆን ግን 7 በመቶ ጡረታ፣ 560 ብር፣ ስለሚቆረጥ እጁ የሚገባው 4,640 ይሆናል። አበሉ ይበልጣል ያለው ለዚህ ነው።

ያላየው ድርጅቱ የሚጨምረውን 11 በመቶ ነው፤ 880 ብር በየወሩ። በአበል ሲከፍል ይህ ለድርጅቱ ይተርፈዋል። የጡረታ አበል ወደፊት የሚሰላውም በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። እሱ ገና 31 ዓመቱ ስለሆነ ጡረታ ብለው ሳቀ። «እሺ፣ ዓመታዊ ጭማሪያችሁ በምን ላይ ነው የሚሰላው?» አልኩት። በመሠረታዊው ላይ ነው። ቦነሱስ? እሱም። አሁን መሳቁን ተወ። አበል ደግሞ ድርጅቱ በጀት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚነካው ነገር ነው።

ሁለት ነገር አልኩት። ማኅተምና ቁጥር ያለው የጭማሪ ደብዳቤ በእጅህ ሳይገባ የመልቀቂያህን አታንሳ፣ ለአዲሶቹም እምቢ አትበል። አንዴ ካነሳህ እጅህ ባዶ ነው። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ሥራ መፈለግ የጀመርክበትን ምክንያት በወረቀት ጻፍ፤ ገንዘብ ካልሆነ ጭማሪው አይፈውሰውም። የእሱ ግማሹ ገንዘብ ነበር። ግማሹ ሦስት ዓመት የተዘለለው የደረጃ ዕድገት ነው። ስለ ዕድገቱ ማንም ትንፍሽ አላለም።

«በመሠረታዊ ይሁንልኝ፣ ዕድገቱም በደብዳቤ ይጻፍልኝ» ብሎ ጠየቀ። በትህትና ነው የጠየቀው፤ ለአለቃው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሦስት ቀን ቆይተው «ቦርድ እስኪሰበሰብ ታገስ» አሉት። ቦርዱ መቼ እንደሚሰበሰብ የሚያውቅ አልተገኘም። አዲሶቹ ደግሞ ሰላሳኛው ቀን ማግስት ላይ ይጠብቁታል።

ወጣ። ላፕቶፑን አስረከበ፣ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተሰላለት። ክሊራንስ ሲያዞር ስቶር፣ ፋይናንስ፣ አይቲ በአንድ ጠዋት ፈረሙለት። የአለቃው ፊርማ ብቻ አራት ቀን ፈጀ።