ማስተካከያ፦ ስለ ዱባይ እና አዲስ አበባ እርጥበት

«ክረምት ጠዋት የአዲስ አበባ እርጥበት 95 በመቶ፣ የዱባይ ምሽት 60 በመቶ ነው። ስለዚህ የዱባዩ አየር ደረቅ ነው» የሚለው በሰፊው የተጋራ መልእክት ስሕተት ነው።

አንጻራዊ እርጥበት የሚነግረን አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። የእንፋሎቱን ብዛት የሚያሳየው ግን የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ የሚጀምርበት ሙቀት ነው። በሚቲዎሮሎጂ የእንፋሎት ግፊት ሰንጠረዥ ሲሰላ፣ 12 ዲግሪ ላይ 95 በመቶ የጤዛ ነጥቡ 11 ገደማ ነው፤ 35 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ ግን 26 ይደርሳል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 24 ግራም ያህል ውኃ አለ።

ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ በእንፋሎት ከተሞላ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል፣ ሰውም ይታፈናል። ከ24 ዲግሪ በላይ የሆነ የጤዛ ነጥብ ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ ነፋስ ካለ ግን ትንሽ ይቀላል።

መልእክቱን አምነው በቀትር ከቤት ውጭ ለመሥራት ያሰቡ ይጠንቀቁ፦ ያው አየር 40 ዲግሪ ሲደርስ መቶኛው ወደ 46 ይወርዳል፣ የጤዛ ነጥቡ ግን 26 እንደሆነ ይቆያል።