እርማት፦ የማስመሪያው አቻ ርዝመት 25 ሴ.ሜ. አይደለም

«የሜትር ማስመሪያ 25 ሴ.ሜ. ላይ በሚስማር ሰቅዬ እንደ ፔንዱለም ባወዛውዝ፣ እስከ መሃሉ 25 ሴ.ሜ. ስለሆነ L = 0.25 ነው አይደል?»

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ T = 2π√(L/g) የሚሆነው ክብደቱ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ለተሰበሰበ ፔንዱለም ነው፤ L ርዝመቱ፣ g የስበት ፍጥንጥነት ነው። የማስመሪያው ክብደት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበትኗል፤ ከሚስማሩ በላይ ያለው ክፍልም አብሮ መወዛወዝ አለበት። ከሚስማሩ እስከ መሃሉ ያለውን d ብንለው፣ አቻው ርዝመት፣ ማለትም ከማስመሪያው ጋር እኩል የሚወዛወዝ የእንዲህ ያለ ፔንዱለም ርዝመት፣ በሜትር እንዲህ ነው፦

L = d + 1/(12d)

d = 0.25 ሲሆን L = 0.583 ይሆናል፤ ጊዜውም 1.0 ሳይሆን 1.53 ሰከንድ ነው። አጠገቡ ትንሽ ብሎን በ58.3 ሴ.ሜ. ክር አንጠልጥልና ሁለቱንም በጠባብ ማዕዘን ልቀቃቸው፤ እኩል ይሄዳሉ። ሚስማሩን ወደ መሃል አስጠግተህ d = 0.05 ብታደርግ ደግሞ ይፈጥናል ብለህ ትጠብቃለህ፤ እሱ ግን ይዘገያል፣ 2.63 ሰከንድ ይፈጃል።