ሶፍት ኮፒውን ልኬልሃለሁ

ጥር ሲቃረብ ማተሚያ ቤት የሚውል ሰው ቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም። «ሶፍት ኮፒውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ» የሚለው ሰው ሲበዛ ይገባዋል። እኔ ይህን ሰው ብድግ ብዬ ነው የምቀበለው። ዲዛይነር አልቀጠረ፣ ዋናውን ፋይል አልፈለገ። ከሰው ካርድ ላይ ስክሪንሾት አነሳ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ አስተካከለ፣ በቃ። እኛ ዓመታት የደከምንበትን ሙያ እሱ ወረፋው ሳይደርሰው ጨረሰው።

ያለፈው ሳምንት ጀግናዬ ሚዜ ነው። የሙሽራው አጎት ልጅ አምና ሲያገባ ያሠራው ካርድ አምሮታል። ካርዱ ከዲዛይነሩ ወደ አምናው ሙሽራ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ። ዱባይ ያለችው እህት ከግሩፑ አውርዳ ስቶሪዋ ላይ ለጠፈችው። አንዷ ከስቶሪው ስክሪንሾት አንስታ ለሚዜው ላከችለት። ሚዜው ደግሞ የስክሪንሾቱን ስክሪንሾት አነሳ። ምስሉ በየደረሰበት ተጨመቀ። ቡና ቢሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን እናቆም ነበር። እኔ ጋ የደረሰው አተላው ነው።

ከዚያ እርማቱ መጣ። የአምናውን ሙሽራ ስም በክሬም ቀለም ቀባበት፣ ከላዩ የዘንድሮውን ጻፈ። ቀኑንም እንዲሁ። የላይኛው ጥግ ላይ የስልኩ ባትሪ 14 በመቶ ይላል።

«ይሄስ?» አልኩት በጣቴ እያሳየሁ።

«እሱን አንተ ታጠፋዋለህ። ትንሽ ደብዘዝ ካለ ደግሞ አጥራው። ስልኬ ላይ ግን ጥርት ብሎ ነው የሚታየው።»

500 ካርድ፣ ለሐሙስ።

ታዛዥ ነኝና አጠራሁት። ማጥራት የሚባለው ነገር የጠፋ ዝርዝር አይመልስም። ጠርዝ ባለበት ጨለማውን ያጨልማል፣ ብርሃኑን ያበራል። ስለዚህ ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ነጭ ክብ ለበሱ። ሌላም ነገር ተገለጠ። ምስል ሲጨመቅ ፊደል ዙሪያ ጥቃቅን ቆሻሻ ይቀራል። ሚዜው ስሙን ቀባ እንጂ ዙሪያውን ቆሻሻ አልነካም። እኔ ሳጠራው ቆሻሻው ነቃ። የአምናው ሙሽራ ስም በነበረበት ቦታ፣ በልኩ፣ ጥላው ከዘንድሮው ስም ጀርባ ቆመ። ሚዜው ናሙናውን አገላብጦ አየና «አሪፍ ነው፣ ግን የፊተኛው ሰውዬ ትንሽ ይታያል» አለኝ። ይህን አስተያየት ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።

«ስልኬ ላይ ጥርት ይላል» ያለው ግን እውነቱን ነው፤ አልዋሸም። የስልኩ ስክሪን በወርዱ 1080 ፒክስል ነው፣ ወርዱ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ነጥቦቹ ተጠጋግተው ስለቆሙ ዓይን አይለያቸውም። ካርዱ ግን በጎኑ የተኛ ኤ5 ነው፤ ከታተመ በኋላ ተቆርጦ ከሚጣለው ተረፈ ጠርዙ ጋር 21.6 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 8.5 ኢንች። ያንኑ 1080 ፒክስል ሦስት እጥፍ ለጥጠህ ወረቀት ላይ ታሰጣዋለህ። 1080ን ለ8.5 ስታካፍል 127 ይወጣል። ጥሩ ወረቀት ላይ ለሚታተም ካርድ የሚፈለገው በኢንች 300 ፒክስል ነው። ይሄ 300 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ማተሚያው ምስሉን በኢንች 150 መስመር ያህል ወደሆኑ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ይበትነዋል፣ ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ፒክስል ያህል ቢኖር ይበቃል ተብሎ ነው። ከመንገድ ማዶ የሚታይ ትልቅ ባነር 100ም፣ ከዚያ በታችም ይበቃዋል። የሠርግ ካርድ ግን እማማ መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫቸው ሥር ነው የሚያነቡት።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጀግና ብቅ ይላል፦ «ሪዞሉሽኑን 300 አድርገው፣ ያልቃል» የሚለው አዋቂ። ፎቶሾፕ ውስጥ Image Size ይከፍታል፣ Resample ላይ ምልክቱ እንዳለ 300 ብሎ ይጽፋል። ፋይሉ ያብጣል። ግን ለ8.5 ኢንች 2550 ፒክስል ያስፈልግ ነበር፣ የነበረው 1080 ነው። በስፋት ስታሰላው ከ100 ፒክስል እውነተኛው 18ቱ ብቻ ነው። የቀሩትን 82ቱን ሶፍትዌሩ ጎረቤቶቻቸውን አይቶ፣ መሐል መሐሉን ገምቶ ይሞላቸዋል። በወሬ የተሞላ ነገር ደግሞ ጠርዝ የለውም፤ ለዚህ ነው ለስልሶ የሚወጣው። የዚያን Resample ምልክት ብታነሳው ግን ሶፍትዌሩ እውነቱን ይነግርሃል። 300 ስትጽፍ ፒክስሉ አይነካም፣ ወርዱ 3.6 ኢንች ይሆናል። ፋይልህ የሚችለው ያንን ነው፤ ከቢዝነስ ካርድ ትንሽ ከፍ ያለ።

ጽሑፉስ? ሚዜው አዲሱን ስም የጻፈው በዚያው ትንሽ ምስል ላይ ነው፣ ጄፔግ አድርጎ ሲያስቀምጠው ስሙም ፒክስል ሆነ። አብሮ ተለጠጠ፣ አብሮ ደበዘዘ። ያንኑ ስም ኢንዲዛይን ወይም ኢሉስትሬተር ላይ እንደ ፊደል ጽፈህ በፒዲኤፍ ብትልከው የጀርባው ምስል ቢደበዝዝ እንኳ ስሙ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር፤ ፊደል ሆኖ የመጣ ጽሑፍ የሚሳለው በማሽኑ ሙሉ አቅም ነው። ኢንዲዛይን ላይ ምስሉን ነክተህ Links ውስጥ Effective PPI የሚለውን እይ። Actual PPI የሚለው ቢያኮራህም አትመነው። ከለጠጥከው በኋላ የተረፈህን የሚነግርህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ፋይሉ ልክ 210 በ148 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይመጣል፤ አንዲት ሚሊ ሜትር ተረፍ፣ ብሊድ የሚባለው፣ የለውም። ካተሩ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ክምር ወረቀት ነው፣ ክምር ደግሞ ትንሽ ይንሸራተታል፤ የየትኛውም አገር ማሽን ይህን ያደርጋል። ቀለሙ ልክ መቁረጫው ላይ ካለቀ ግማሹ ካርድ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ይዞ ይወጣል። ደንበኛው ይጮኻል። ባለቤቱ ካተሩ ላይ ወደቆመው ልጅ ይዞራል፣ የወረቀቱን ዋጋ ከደሞዙ ይቆርጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ልጅ ምንም አላጠፋም! ጥፋቱ ፋይሉን የሠራውና ሳያይ የተቀበለው ሰው ነው። የማንንም እንጀራ በሦስት ሚሊ ሜትር ስንፍና መቁረጥ ነውር ነው።

ሦስት ሚሊ ሜትር ነው ነገሩ ሁሉ። አዲስ ፋይል ስትከፍት Bleed በሚለው ቦታ በአራቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ሙላ። ፎቶሾፕ ላይ ከሆንክ ሸራውን ራሱን 216 በ154 ክፈትና 3 ሚሊ ሜትር ላይ መስመር አስምር። የጀርባው ቀለምና ምስል እስከ ውጪኛው ጠርዝ ይድረስ፤ ስምና ስልክ ቁጥር ግን ከመቁረጫው 5 ሚሊ ሜትር ገባ ይበሉ። ወደ ፒዲኤፍ ስታወጣ Use Document Bleed Settings ላይ ምልክት ካላደረግህ የደከምክበት ተረፍ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ያለቀ ካርድ ላይ ተረፍ ለማግኘት ሁሉንም በ3 በመቶ ማሳደግ የሚወዱም አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ጠርዝ የተጠጋው ስልክ ቁጥር የመጨረሻ አሃዙን ለካተሩ ያበረክታል።

ሚዜውን ለምኜ ዋናውን ፋይል ከአምናው ዲዛይነር እንዲያመጣ ላክሁት። «በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልህ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ በተለምዶ ረጅሙን ጎን 1280 ፒክስል አድርጎ ይቀንሰዋል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ማታ ደወለ፣ ድምፁ በደስታ ተሞልቷል።

«ወንድሜ፣ ዋናውን አገኘሁት! እንደ ፋይል ልኬልሃለሁ!»

ከፈትኩት። ባትሪው አሁን 61 በመቶ ነው።