«ለጥፊው» ያለችሽ ደንበኛ «አጥፊልኝ» ስትልሽ

«ደንበኛዬ ፎቶዋን ራሷ ልካልኝ፣ ‹ለጥፊው› ብላኝ ነው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የለጠፍኩት። ከስምንት ወር በኋላ ‹አጥፊልኝ› አለችኝ። እስከ ዛሬ ከለጠፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያመጣልኝ እሱ ነው። ፈቅዳልኝ የለ እንዴ? የማጥፋት ግዴታ አለብኝ?»

አዎ፣ አጥፊው። ዛሬውኑ። ምክንያቷን ደግሞ አትጠይቂያት።

ጠያቂዋ ወዳጄ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉር ቤት አላት፤ ጎን ለጎን የፀጉር ቅባት እያዘጋጀች ትሸጣለች። መልሴ ደስ አላላትም። «እሺ፣ ሕጉስ ምን ይላል?» አለችኝ። ሕጉም ከእኔ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ እሱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ቲክቶክ ቀርቶ ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን ሳይገባ የተጻፈ ሕግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ እንደሚችል ያስቀምጣል። ስለዚህ የስምንት ወር በፊቱ «ለጥፊው» ያኔ ለመለጠፍሽ መልስ ይሆናል እንጂ ዛሬም እዚያው ለመቆየቱ አይሆንም።

ግን ሕጉን ለጊዜው እንተወው። እኔን የያዘኝ «ለጥፊው» የሚለው ቃል ራሱ ነው።

ደንበኛዋ ያንን ስትጽፍ ምን ታይቷት ነበር? የወዳጄን ቅባት ተጠቅማ፣ ሳስቶ የነበረው ፀጉሯ ተመልሶላት ደስ ብሏታል። ቻናሉ ያኔ ጥቂት መቶ ሰው ነበረው፤ አብዛኞቹም የሰፈር ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወዳጄ ፎቶውን ወደ ቲክቶክ ወሰደችው፣ ድምፅ ጨመረችበት፣ ብር ከፍላ ቡስት አደረገችው። አንድ ቀን የሴትየዋ የሥራ ባልደረባ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ዘርግቶ «ይቺ አንቺ አይደለሽም?» አላት። ፊቷ ላይ የልብ ስቲከር ተለጥፎበታል። ቢሆንም የጆሮ ጌጧ፣ የአንገቷ ንቅሳትና ከኋላ ያለው የሳሎኗ መጋረጃ አልተሸፈኑም። የሚያውቅሽ ሰው ዓይንሽን አይቶ ብቻ አይደለም የሚለይሽ።

ቻናል ላይ ለመለጠፍ መፍቀድና ማስታወቂያ ለመሆን መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ተጠቅሜ ወድጄዋለሁ» ብሎ በኢንቦክስ መጻፍማ ጭራሽ ፈቃድ አይደለም፤ ምስጋና ነው። የብዙ ሻጮች ቻናል ግን በዚህ ዓይነት ስክሪንሾት ተሞልቷል፤ አንዳንዱ ላይ የላኪዋ ስምና ፕሮፋይል ፎቶ ሳይቀር ይታያል።

ለወዳጄ የሰጠኋት መፍትሔ አንድ መልእክት ነው። ቅጽ ማሳተም፣ ማኅተም ማስመታት አያስፈልግም። ደንበኛዋ ፎቶ በላከች ቁጥር ይህ ይሄድላታል፦

«ፎቶሽን ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። በፊት የነበረውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጌ ቴሌግራም ቻናሌና ቲክቶክ ላይ ልለጥፈው ፈልጌ ነበር። ፊትሽ ይታይ ወይስ ይሸፈን? ስምሽ ይጻፍ ወይስ ይቅር? ከፍዬ እንደ ማስታወቂያ ባሰራጨውስ ትፈቅጃለሽ? ከመለጠፌ በፊት የተዘጋጀውን አሳይሻለሁ። በማንኛውም ጊዜ ‹አጥፊ› ካልሽኝ በዚያው ቀን አጠፋዋለሁ። ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ የላኩትን ግን መመለስ እንደማልችል ከአሁኑ እወቂልኝ። ባትፈቅጂም ምንም አይደለም።»

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የምትመልሰው ለየብቻ ነው። ቻናሉን ፈቅዳ ማስታወቂያውን ልትከለክል ትችላለች። መልሱ እዚያው በጽሑፍ ስለሚቀር «ብለሽ ነበር፣ አላልኩም» የሚል ነገር አይመጣም። ከሁሉም ከሁሉም የምወደው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። ቴሌግራም ላይ የለጠፍሽውን ከራስሽ ቻናል ብትሰርዢም ሰው ፎርዋርድ ያደረገው ባለበት ይቀራል። ይህን ቀድሞ ያልነገረ ሻጭ ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል እየገባ ነው።

ደግሞ ጥያቄው በኢንቦክስ ይሂድ። ደንበኛዋ ካስኩ ሥር ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ገና በእጅሽ እያለ «ላንሳሽ አይደል?» ስትባል እምቢ ማለት ይከብዳታል። ይሉኝታ ፈቃድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወዳጄ ወዳልጠየቀችኝ ነገር ልሂድ። ፎቶውን እስኪ አሳዪኝ አልኳት። በግራ በኩል ግንባሯ ላይ የሳሳ ፀጉር፣ በቀኝ በኩል ጥቅጥቅ ያለ። ከሥሩ «በ5 ወር ውስጥ!» ይላል። ፎቶዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ሰውየዋም አንድ ናት፤ ፊልተር የለም። «የመጀመሪያውን ስትነሳ ምን ላይ ነበረች?» አልኳት። «ከወለደች አራት ወሯ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ከወሊድ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ፣ የብዙ እናቶች ፀጉር በብዛት ይረግፋል። በእርግዝና ወቅት ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ነው ተጠራቅሞ የሚወርደው። ከዚያ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ባሉት ወራት አብዛኛው ያለ ምንም ቅባት ይመለሳል። ቅባቱን የገዛችው ፀጉሯ ክፉኛ በሚረግፍበት ወር ነው። ሰው ቅባት የሚፈልገው ሲብስበት አይደል? ከዚያ በኋላ የነበረው መንገድ ወደ መሻል ብቻ ነበር። ሴትየዋ አልዋሸችም፤ ወዳጄም አልዋሸችም። ፎቶው ግን ለሚያየው ሰው ቅባቱ ያበቀለው አድርጎ ይነግረዋል። ሹሩባ አጥብቃ እየተሠራች የፊት ጠርዟ የሸሸባት ሌላ ሴት ያንን አይታ ትገዛለች። የእሷ ችግር ግን ሌላ ነው። ጠርዟን የጎዳው የሹሩባው መጎተት ነው፤ ጉተታው በጊዜ ካልቆመ የፀጉሩ ሥር ይጎዳና ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። በዚያ መሐል ቅባት እየቀባች ያሳለፈችው ጊዜ ነው የሚቆጨው።

ስለዚህ የበፊትና የአሁን ፎቶ ስትቀበሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «በመሐል ሌላ ምን ተለወጠ?» መሆን አለበት። ወለደች? ሹሩባ ተወች? ሐኪም ያዘዘላት ነገር አለ? ካስክና ፒያስትራ ቀነሰች? መልሱ ከፎቶው ሥር ካልገባ ፎቶው ባይለጠፍ ይሻላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሻጭ ፖስት አዘጋጅ ነበር። አንዲት ደንበኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እህቴ ቅባትሽ አሪፍ ነው። ሁለት ወር ግን ምንም አልታየኝም ነበር። በዚያ ላይ ሹሩባውን ትቼዋለሁ። አሁን ጠርዙ መሙላት ጀምሯል።» እኔ ምን አደረግኩ? መሐሉን አወጣሁት። «ቅባትሽ አሪፍ ነው… ጠርዙ መሙላት ጀምሯል» ሆኖ ወጣ። አንድም ቃል አልጨመርኩም። ሦስት ነጥብ ብቻ። የቆረጥኩት ግን ለሌሎች ሴቶች የሚጠቅመውን ዋናውን ነገር ነበር። ምስክርነት ማሳጠር ይቻላል፤ ካሳጠራችሁ በኋላ ግን ለባለቤቷ መልሳችሁ አሳዩአት። «እኔ ያልኩት ይህን ነው?» ብላ ከጠየቀች መልሱ ታውቋል።

ፎቶ አነሳሱም የራሱ ጉድ አለው። እርጥብ ፀጉር ተጣብቆ ቆዳውን ያሳያል፤ ደርቆ የተነፋው ይሸፍነዋል። መጀመሪያውን ታጥባ እንደወጣች፣ ሁለተኛውን ከካስክ በኋላ ካነሳሽ አንድ ጠብታ ቅባት ሳይነካት «ለውጥ» ታያለሽ። ከላይ የሚወርድ የአምፖል ብርሃን ያሳሳል፣ ከፊት የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ይሞላል። ወዳጄ አሁን ፀጉር ቤቷ ወለል ላይ በፕላስተር ሁለት ምልክት አድርጋለች። አንዱ የወንበሩ ነው፣ ሌላው ፎቶ የምታነሳው ሰው የምትቆምበት። በአንድ ሰዓት፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ በደረቅ ፀጉር፣ ስንጥቁ በአንድ ቦታ ተከፍሎ፣ በስልኩ የኋላ ካሜራ። የፊት ካሜራ ብዙ ስልክ ላይ ሳይጠየቅ ቆዳ ያለሰልሳልና።

ለገዢም አንድ መለኪያ ልስጥ። የራስ ፀጉር በአማካይ በወር አንድ ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያድጋል። በአንድ ወር ከጆሮ ሥር ተነስቶ ትከሻ የደረሰ ፀጉር ካያችሁ፣ ወይ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ተኮማትሮ ሁለተኛው ላይ በፒያስትራ ተዘርግቷል፣ ወይ ሂውማን ሄር ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምታ «ሌላው እንደፈለገ እየዋሸ እኔ ብቻ ልክሰር?» አለችኝ። አልፈርድባትም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የቴሌግራም ቻናሎችን እየዞረ የሚያይ ሰው ግን እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። አሜሪካ ላለችው የሙያ ባልደረባዋ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እዚያ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሕክምና ከሆነ ደግሞ ምስክርነቱ እውነት መሆኑ ብቻ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የሎስ አንጀለስ የፊዚዮቴራፒ ድርጅት የታካሚዎቹን ስምና ፎቶ ያለ ሕጋዊ ፈቃዳቸው ድረ ገጹ ላይ በማውጣቱ 25 ሺህ ዶላር ከፍሏል።

በመጨረሻ ወዳጄ ማስታወቂያውን አቆመች፣ ቪዲዮውን ከቲክቶክ፣ ፎቶውን ከቻናሏ ሰረዘች። ለደንበኛዋም «አጥፍቼዋለሁ፣ ይቅርታ» ብላ ጻፈችላት። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ አንድ ስክሪንሾት ላከችላት። ሌላ ቻናል ነው፣ ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ስልክ ቁጥር። ፎቶው ያው ነው፣ የልብ ስቲከሩ ሳይቀር። «በ3 ሳምንት ውስጥ!» ይላል። ወዳጄ ለቻናሉ ባለቤት ጻፈችለት፤ አይቶ ዝም አለ። ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጋለች። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ፎቶው እዚያው ነው።