አራተኛው መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት
«የደም ግፊት በሦስት መድኃኒት ካልወረደ አራተኛው ይጨመራል» የሚለው ሐሳብ ሦስቱ በአግባቡ መወሰዳቸውን፣ ግፊቱም በትክክል መለካቱን አስቀድሞ የተቀበለ ይመስላል። በሰሜን ሸዋ ደጋ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ አንዲት እናት 178/104 ተለክተው ለአራተኛ መድኃኒት ሊላኩ ነበር። የተለኩት ግን ዳገቱን ወጥተው እንደገቡ፣ በወፍራም ሹራብ ላይ (ብርዱ እጅጌ መሰብሰብን ያስጠላል)፣ ለክንዳቸው በጠበበ ማሰሪያ ነበር፤ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ የተራቆተው ክንዳቸው በልብ ትክክል ተደግፎ በሰፊው ማሰሪያ ሲለኩ 158/94 ሆነ። ቀሪውን ምክንያት ያገኘነው «በሳምንት ስንት ቀን ያመልጥዎታል?» ብለን ስንጠይቅ ነው፤ የሚያሸናውን ክኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድን ገበያ በሚሄዱበት ቀን ይተዉታል፣ ለጉልበታቸው ሕመም ደግሞ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ ይወስዳሉ። ዳይክሎፌናክ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲቀር በማድረግ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ክኒን ጋር ሲደረብም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እርሱ በፓራሲታሞል ተተክቶ፣ የሚያሸናውም ክኒን በገበያ ቀን ከመልስ በኋላ እንዲወሰድ ሲደረግ በስድስተኛው ሳምንት 136/84 ደረሱ። ያ ባይሆን ኖሮ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥንና የአልዶስትሮን ሆርሞን መብዛትን መፈተሽ፣ አራተኛው መድኃኒት ስፓይሮኖላክቶን ከመጨመሩ በፊትም ፖታሲየምና ክሬአቲኒን መለካት ይቀረን ነበር።