«እናጤነዋለን» ሁልጊዜ ተስፋ አይደለም

«ጃፓኖቹ ለቡናው ዋጋ ‹ኬንቶ ሳሴቴ ኢታዳኪማስ› ብለው መልሰዋል። እናጤነዋለን ማለታቸው ስለሆነ ፍላጎት አላቸው፤ የውሉን ረቂቅ ልላክላቸው?»

ረቂቁን ለጊዜው አቆዪው። ፍቺው ልክ ነው፤ ግን በጃፓን የንግድ ደብዳቤ ይህ ሐረግ ብቻውን ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «ይቅርብን» ማለት ነው። እምቢታን በቀጥታ መጻፍ ሰውን ማሳፈር ስለሚመስል እንዲህ ይለሳለሳል። (እኛስ «እስቲ እናያለን» እንል የለ?)

ሁልጊዜ ግን እምቢታ አይደለም። የምሩን የሚያጤን ገዢ ከሐረጉ ጎን የሚጨበጥ ነገር ያስቀምጣል፦ መልስ የሚሰጥበትን ቀን፣ ጉዳዩን የሚያየውን ክፍል፣ ወይም ስለ ናሙናና ስለ ጭነት ጊዜ ጥያቄ። አንቺ ባስተላለፍሽው ኢሜይል ላይ ያለው ምስጋናና ይቅርታ ብቻ ነው። እንዲያውም ከሐረጉ በፊት ዋጋውን «ሙዙካሺ» ብለውታል፤ አስቸጋሪ ነው እንደማለት። ሁለቱ አብረው ከመጡ ብዙም አያጠራጥርም።

አሁን «ወሰናችሁ ወይ?» እያልሽ አትወትውቻቸው፤ ያንኑ እምቢታ ደግመው እንዲያለሳልሱ ማስገደድ ይሆናል። ጊዜ ሰጥተው ስላዩልን በሁለት መስመር አመስግኚና ዝጊው። ዋጋው ወይም ዝቅተኛው የጭነት መጠን ሲቀየር አዲሱን ቁጥር በአዲስ ኢሜይል ላኪላቸው።