ተጭኖ መያዝ ወይስ ነክቶ መልቀቅ? የመሮጫና የማጎንበሻ ቁልፍ ክርክር

ጥያቄው፦ «ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአንድ ኮምፒውተር ማይንክራፍት እንጫወታለን። እሱ ማጎንበሻውንም መሮጫውንም ቶግል ያደርገዋል፣ ማለትም አንዴ ሲነካ ይበራል፣ እንደገና ሲነካ ይጠፋል፤ እኔ መልሼ ሆልድ አደርገዋለሁ፣ ማለትም የሚሠራው ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ነው። በየቀኑ እንጣላለን። የቱ ነው የሚሻለው? W ን ሁለቴ ነክቶ መሮጥስ ከሁለቱ በምን ይለያል?»

ለሆልድ

ሆልድ ይሻላል። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ጣቴ ቁልፉ ላይ ካለ አጎንብሻለሁ፣ ከሌለ ቆሜያለሁ። ይህን ለማወቅ ስክሪን ማየት አያስፈልገኝም። ቶግል ላይ ግን ማጎንበሴን የሚይዝልኝ ጨዋታው ነው፤ እኔ ደግሞ እሱ ምን እንደያዘ ማስታወስ አለብኝ። በተረጋጋ ሰዓት አስታውሳለሁ። ሰው ሲተኩስብኝ ግን አላስታውስም።

እኔ የምጫወተው ካውንተር ስትራይክ ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያው ላምጣ። ከፍ ያለ ሳጥን ላይ መውጣት ስትፈልግ ትዘላለህ፤ አየር ላይ እያለህ Ctrl ትጫንና እግርህ ይሰበሰባል፤ ሳጥኑ ላይ ስታርፍ ትለቀዋለህ። ጣትህ ሲነሳ ሰውየውም ይነሳል። ጨዋታው ውስጥ ስትጫን የሚላከው ትእዛዝ `+duck` ነው፣ ስትለቅ ደግሞ `-duck`። መልቀቅ ራሱ ትእዛዝ ነው ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ዝላይ በቶግል አስበው። መልቀቅህ ምንም አያደርግም። ሳጥኑ ላይ አጎንብሰህ ታርፋለህ፤ ለመነሳት ሌላ መጫን ያስፈልግሃል። ቢላዋ ይዞ የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱ በጨዋታው መለኪያ 250 ነው፤ አጎንብሶ ሲሄድ ወደ 85 ይወርዳል። ያቺን ሁለተኛ መጫን ከረሳሃት ሳጥኑ ላይ እየተንፏቀቅህ ትገደላለህ። ደንግጠህ ሁለቴ ከነካኸው ደግሞ ተነስተህ መልሰህ ታጎነብሳለህ። ይህ ስህተት ሲደርስ የሚለይበት መንገድ አለ፦ «ቁልፉን ተጭኜው ነበር እኮ፣ አልሠራም!» ትላለህ። ሠርቷል፤ ሁለቴ ነው የሠራው።

ለቶግል

እህቴ፣ የጠየቀው ልጅ ስለ ማይንክራፍት ነው የጠየቀው፤ ሳጥን ላይ ማንም አይተኩስበትም።

እኔ ከልጆቼ ጋር ነው የምጫወተው፤ ማታ ማታ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ቀን ደግሞ ሥራዬ መጻፍ ነው። የግራ እጄ ትንሿ ጣት Ctrl ላይ ተጣጥፋ ስትቆይ ሥሯ ላይ ያመኛል፤ በማግስቱ ጠዋት ኩባያ ስይዝ ይሰማኛል። ሴቲንጉን ቶግል ካደረግሁ ወዲህ ሕመሙ ቀርቷል። ማይንክራፍት ራሱ ይህን ምርጫ በ2019 በ1.15 ሲያመጣው ያስቀመጠው ለአካል ጉዳተኞችና ለተቸገሩ በተዘጋጀው የተደራሽነት ገጽ ውስጥ ነው። ዝም ብሎ አልተቀመጠም።

ሌላም አለ። ርካሽ ኪቦርድ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ አይቀበልም። Ctrl ይዘህ፣ W ይዘህ፣ ለመዝለል ስፔስ ስትጫን አንዱ ይጠፋል። አንድ ጌም ቤት ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። ቶግል ከሆነ ግን አንዱ ጣት ነፃ ነው።

ለሆልድ

ጋሼ፣ የጣትዎን ነገር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የሚያም ጣት ላይ ሆልድ አልጭንም።

የኪቦርዱ ነገር ግን ግማሹ ነው ልክ። ርካሽ ኪቦርድ ቁልፎች እንደሚጠፉበት እውነት ነው፤ የሚጠፉት ግን በአብዛኛው ተራ ፊደሎች እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። Ctrl እና Shift ከሌሎች ጋር እንዲያዙ የተሠሩ ስለሆኑ ሽቦአቸው ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ ምናልባት ማጎንበሻው ወደ C ተቀይሮ ይሆናል። ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት፦ ኖትፓድ ይክፈቱ፣ W እና A ን ይዘው ሳይለቁ C ን ይጫኑ። c የሚለው ፊደል ካልመጣ ያ ኪቦርድ ሦስቱን አብሮ አይቀበልም። ያኔ ቁልፉን ወደ Shift ወይም ወደ Ctrl መመለስ ነው እንጂ ቶግል ማድረግ መድኃኒቱ አይደለም።

ለጣትዎም፣ ማውሱ ጎን ላይ ቁልፍ ካለው መሮጫውን ወደዚያ ያዙሩት። አውራ ጣት እንደ ትንሿ ጣት አይደክምም።

ለቶግል

የእኔ ማውስ ሁለት ቁልፍና መሐሉ ላይ ጎማ ነው ያለው። ሁሉም ሰው የጨዋታ ማውስ የለውም።

ጠያቂው

ይቅርታ፣ መሐል ልግባና፣ የእኛ ጠብ ስለ ጣት አይደለም። ወንድሜ ከተጫወተ በኋላ እኔ ስገባ W ን ስነካ ሰውየው በራሱ ይሮጣል። ድልድይ እየሠራሁ ሁለቴ ወደ ላቫ ገብቻለሁ። ወንድሜ ደግሞ «ቶግሉ አይደለም የጣለህ፣ አንተ ነህ W ን ሁለቴ የነካኸው» ይለኛል።

ለሆልድ

ወንድምህ ልክ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

W ን ሁለቴ መንካት፣ ማለትም ታፕ፣ ሩጫውን ያስጀምራል እንጂ አይይዘውም። W ን ከለቀቅክ ያበቃል፤ ግድግዳ ከገጨህ ያበቃል፤ የምግብ መስመርህ ወደ ሦስት ሥጋ ከወረደም ያበቃል። እንደገና ለመሮጥ እንደገና ሁለቴ መንካት አለብህ። ሁለቱ ንክኪዎች መሐል ጨዋታው የሚጠብቀው ሰባት ቲክ ነው፤ በሴኮንድ ሃያ ቲክ ስላለ ከሴኮንድ ሲሶ ትንሽ ይበልጣል። አሁን ድልድይ ጫፍ ላይ ራስህን አስብ። ወደ ፊት ትንሽ ለመጠጋት W ን ነካ፣ ነካ ታደርጋለህ። ያቺ ነካ፣ ነካ ሰባት ቲክ ውስጥ ከገባች ጨዋታው ሩጫ አድርጎ ይወስዳታል። መራመድ በሴኮንድ 4.3 ብሎክ ነው፣ ሩጫ 5.6። ጠርዝ ላይ ሆነህ ይህ ልዩነት ላቫ ውስጥ ይከትሃል።

ሆልድ ላይ Ctrl ን እስከያዝክ ድረስ ግድግዳ ገጭተህ ብትቆም እንኳ መንገዱ ሲከፈት ሩጫው በራሱ ይመለሳል። የማይንክራፍት ቶግል ደግሞ አንድ ሰው በአንተ ፋንታ Ctrl ን ተጭኖ እንደተቀመጠ ቁጠረው። ብትቆምም አልለቀቀም። ስለዚህ ቆመህ፣ ዕቃህን አይተህ፣ W ን አንዴ ብቻ ስትነካ ትሮጣለህ።

የትኛው እንደጣለህ ለማወቅ ጫፍ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ቆመህ W ን አንዴ ብቻ ተጭነህ ያዝ። ሮጠ? ቶግሉ በርቷል። ተራመደ? እንግዲያው ጣትህ ነው ሁለቴ የነካው።

ለቶግል

ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ቶግል ስትቆም የሚጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ልጄ የሚጫወተው የተኩስ ጨዋታ ላይ እንደዚያ ነው።

ለሆልድ

እዚያ ልክ ነዎት፣ ብዙ የተኩስ ጨዋታ ላይ ሲቆሙ ይጠፋል። አንድ ስም ይዘው ሁለት የተለያየ ጠባይ አላቸው። ሴቲንጉ ላይ ሁለቱም ቶግል ተብለው ነው የሚጻፉት፤ ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ሲከፍቱ ያንኑ የሜዳ ሙከራ ማድረግ ነው፦ ሩጫውን ያብሩ፣ ይቁሙ፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና ወደ ፊት ይሂዱ። በነገራችን ላይ ከዚህ የተነሳ ነው ሰዎች ስለ ቶግል ሲከራከሩ የማይግባቡት።

ለቶግል

እሺ፣ ሩጫውን ልተወው። ማጎንበስ ላይ ግን አልለቅም። ማይንክራፍት ውስጥ ስታጎነብሺ ከጠርዝ አትወድቂም። ከገደል ወደ ገደል ሃያ ብሎክ ድልድይ ስሠራ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ፣ አጎንብሼ፣ በ S እየተጎተትኩ በቀኝ ክሊክ አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ። አጎንብሶ መሄድ በሴኮንድ 1.3 ብሎክ ነው፤ ሃያው ብሎክ ሩብ ደቂቃ ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ Shift ን ተጭኖ መያዝና፣ ጣት አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ መውደቅ? ቶግል ላይ ጣቴ ቢንሸራተት ምንም አልሆንም።

ለሆልድ

እንደዚያ ለሚሠራ ሰው ቶግል ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ሆልድ የሚያሸንፈው በፍጥነት ለሚሠራ ነው፦ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ብቻ ትጫናለህ፣ ብሎኩን ታስቀምጣለህ፣ ለቀህ በሙሉ ፍጥነት ትጎተታለህ፣ እንደገና ትጫናለህ። በሆልድ ለአንድ ብሎክ አንድ መጫን ነው። በቶግል ለማጎንበስ አንድ፣ ለመነሳት አንድ፣ ሁለት ይሆናል። ዊንዶውስ ደግሞ Shift በተከታታይ አምስት ጊዜ ሲጫን ስቲኪ ኪስ የሚባለውን መስኮት ስክሪኑ መሐል ይደቅናል፤ ጠርዝ ላይ ሆኖ ይህ ያጋጠመው ሰው አይረሳውም። ቶግል እዚያ ቶሎ ያደርስሃል። በሆልድም ይደርሳል፤ ስለዚህ የዊንዶውስ የተደራሽነት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የአምስቱን ንክኪ አቋራጭ ማጥፋት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ለጠያቂው፦ ሁለቱ ቁልፎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ጨዋታው `options.txt` የሚባል ፋይል ውስጥ ለየብቻ ነው የሚጽፋቸው። ጨዋታው ተዘግቶ እያለ ከፍተህ እንዲህ ማድረግ ትችላለህ፦

```
toggleCrouch:false
toggleSprint:true
```

ረጅም መንገድ የምትሮጥ ከሆነ ይህ ለእኔ ጥሩ ድብልቅ ነው። ላቫ አጠገብ ስትሆን ግን W ን ልቀቅና Ctrl ን አንዴ ነክተህ ሩጫውን አጥፋ። ከወንድምህ ጋር ላለመጣላት ደግሞ ላውንቸሩ ላይ ሁለት ኢንስታሌሽን ፍጠርና ለእያንዳንዱ የተለያየ የጨዋታ ፎልደር ስጠው። ሴቲንጉ ፎልደሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱ የነካው የአንተን አይነካም። የጋራ ዓለማችሁ ግን በአንዱ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እሱን መቅዳት ያስፈልጋል።

ለቶግል

እኔ ብሆን `toggleCrouch` ንም `true` አደርገው ነበር። ልጁ ላቫ ውስጥ የወደቀው አጎንብሶ ስላልነበረ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን፣ በካውንተር ስትራይክሽ። Shift ይዘሽ ድምፅ ሳታሰሚ የምትሄጂው አንዳንዴ ግማሽ ዙር ሙሉ ነው አይደል? ያ እንኳ ቶግል አይገባውም?

ለሆልድ

አይገባውም። ጥግ ዞሬ ሰው ባገኝ ጣቴን ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ወዲያው በሙሉ ፍጥነት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ቶግል ቢሆን ለመሸሽ መጀመሪያ መጫን አለብኝ። ደንግጬ ደግሞ የምጫነው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ለቶግል

ጣትሽ ግን እስከዚያ ደክሞ ቀድሞ ይለቀቃል፤ እርምጃሽም ይሰማል። እዚህ ላይ አላሳመንሽኝም።